ልጅ በየሳምንቱ ለሕክምና ቀድማ እንድትወጣ አባት ለርዕሰ መምህር ስለሚጽፉት ማመልከቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በድሬዳዋና በአካባቢዋ ልጆቻቸውን ለሚያስተምሩ፣ ከልጆቻቸውም አንዷ በየሳምንቱ በትምህርት ሰዓት ሕክምና እንድትከታተል ለታዘዘላቸው አባቶች ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። በምሳሌው ያለችው ልጅ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ በክረምት ወድቃ የግራ ክርኗ አጥንት ተሰብሮ በጄሶ ታስሮላት ነበር። ጄሶው ሲፈታ ክርኗ እንደ ቀድሞው አልዘረጋ ስላለ፣ ለስምንት ሳምንታት በየሳምንቱ ረቡዕ የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ታዞላታል። የምትማረው በጠዋት ፈረቃ ነው። ሰዓቱ ሁሉ የተጻፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ለክፍል ኃላፊዋ መምህር በቃል ነግሬአለሁ። ማመልከቻ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?

ለአንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ የቃሉ ይበቃ ነበር። በየሳምንቱ የሚደጋገም ፈቃድ ግን የክፍል ኃላፊው መምህር ብቻቸውን የሚወስኑት አይደለም፤ ምክንያቱም ልጅቷ በምትወጣበት ሰዓት ክፍል ውስጥ የሚገኙት ብዙ ጊዜ ሌላ መምህር ናቸው፣ በሩን የሚከፍተውም የጥበቃ ሠራተኛው ነው። እነዚህ ሰዎች የክፍል ኃላፊው የሰሙትን አልሰሙም። ርዕሰ መምህሩ ፈርመው ወደ ዩኒት ሊደሩ የመሩት ወረቀት ካለ ግን፣ መምህር ቢቀየር ወይም የበሩ ጥበቃ ተረኛ ሌላ ቢሆን ልጅቷ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ማስረዳት አይጠበቅባትም። ደብዳቤው የሚጻፈው በዋናነት ለዚህ ነው እንጂ ርዕሰ መምህሩን ለማሳዘን አይደለም።

የማመለክተው ለርዕሰ መምህሩ በስማቸው ነው ወይስ ለጽሕፈት ቤቱ?

ለርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት ቢባል ይሻላል። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ወይም ሥልጠና ላይ ሲሆኑ ምክትላቸው ሊመለከቱት ይችላሉ፤ በዓመቱ መካከል ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወሩም ፈቃዱ የተሰጠው በጽሕፈት ቤቱ ስለሆነ አብሮአቸው አይሄድም።

ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት ምን መያዝ አለብኝ?

ሁለት ወረቀቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ የሆስፒታሉን የቀጠሮ ካርድና የልጅዎን የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ። አብዛኛው የማመልከቻ ችግር የሚመጣው አባት አንደኛውን ብቻ ይዞ ሲጽፍ ነው።

የቀጠሮ ካርዱን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ቀኑና ሰዓቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፎ ሊሆን ይችላልና። በምሳሌአችን ካርዱ 15/10/2025 ከጠዋቱ 11፡30 ይላል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ረቡዕ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ 5፡30 ሰዓት ነው። ሰዓቱን ሳይለውጡ «11፡30» ብለው የሚጽፉ አባቶች አሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ይህን አመሻሽ ላይ ያለ ሰዓት አድርገው ያነቡትና «በ11፡30 ትምህርት የለም፤ ፈቃድ ምን ይሠራል?» ብለው ወረቀቱን ይመልሱታል። የዚህ ዓይነቱ አለመግባባት ሳምንት ሊያስጠፋ ይችላል።

ቀጥሎ ከቀጠሮው ሰዓት ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ከሳቢያን ሰፈር ተነሥቶ በባጃጅ ሆስፒታል ለመድረስ፣ ካርድ ለማውጣትና ተራ ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ቢያዝ፣ ልጅቷ በ5፡00 ሰዓት ከበሩ መውጣት ይኖርባታል። አሁን ሠንጠረዡን ይመልከቱ። በምሳሌአችን ትምህርት የሚጀመረው በ2፡00 ሰዓት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ከሦስተኛው በኋላ ከ4፡00 እስከ 4፡20 ዕረፍት አለ። ስለዚህ አራተኛው ክፍለ ጊዜ የሚያበቃው ልክ በ5፡00 ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያሉት አምስተኛውና ስድስተኛው እስከ 6፡20 ድረስ ይዘልቃሉ።

መውጫው በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል መዋሉ ትልቅ ነገር ነው። ስሌቱ 4፡50 ላይ ቢወድቅ ኖሮ፣ ልጅቷ በየሳምንቱ የአራተኛውን ክፍለ ጊዜ መምህር ትምህርት አቋርጣ ልትወጣ ነው፤ መምህሩም በሦስተኛው ሳምንት መሰልቸታቸው አይቀርም። እንዲህ ሲሆን የቀጠሮውን ሰዓት በአሥር ወይም በሃያ ደቂቃ እንዲገፉልዎ የሕክምና ክፍሉን መጠየቅ ትምህርት ቤቱን ከማስቸገር ይቀላል።

ሆስፒታሉ ቀኑን እንድመርጥ ፈቅዶልኛል። የትኛውን ቀን ልምረጥ?

ለዚህ ጥያቄ ጊዜ መስጠት ይገባል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በሚቀሩት ክፍለ ጊዜዎች ቁጥር ብቻ አይለካም። በየትኛውም ቀን ብትወጣ የምታጣው ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ በስምንት ሳምንት ደግሞ 16 ክፍለ ጊዜ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከየትኛው ትምህርት ላይ እንደሚቀነስ ነው። በሳምንት አምስት ጊዜ ከሚሰጥ ትምህርት አንዱ ቢቀር ልጅቷ አራቱን ትከታተላለች። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ከሚሰጥ ትምህርት አንዱ ቢቀር ግን ለሁለት ወር ያህል የትምህርቱን ግማሽ አጣች ማለት ነው፤ ግማሹን ያላየ ተማሪ ደግሞ የቀረውንም ግማሽ በወጉ አይከታተልም።

ለልጅቷ ሁለት ቀናት ቀርበውላት ነበር እንበል። ማክሰኞ አምስተኛውና ስድስተኛው የዜግነት ትምህርትና አጠቃላይ ሳይንስ ናቸው። የዜግነት ትምህርት በእርስዋ ክፍል በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ረቡዕ ደግሞ ሒሳብና የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ናቸው። ሒሳብ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ብዙ አባቶች ይደነግጡና ማክሰኞን ይመርጣሉ። እኛ ግን ረቡዕን እንመርጣለን። ሒሳብ በሳምንት አምስት ጊዜ ስለሚሰጥ ከስምንቱ ሳምንታት 40 ክፍለ ጊዜዎች የሚቀርባት 8 ብቻ ነው፤ መምህሩም በማግስቱ ስለሚገኙ ያልገባትን ወዲያው መጠየቅ ትችላለች። የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ክርኗ እስኪድን ድረስ መሮጥና መዝለል ስለማይፈቀድላት፣ ብትኖርም ዳር ላይ ቆማ የምታሳልፈው ነው።

አርብን ግን ባይመርጡ ጥሩ ነው። የአርብ የምሳ ዕረፍት ከሌሎቹ ቀናት ቀድሞ ስለሚጀምርና ስለሚረዝም፣ በ5፡30 የተያዘ ቀጠሮ በቀላሉ ወደ ከሰዓት በኋላ ይገፋል፤ የድሬዳዋን የከሰዓት ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ልጅን በዚያ ሰዓት በሆስፒታል ግቢ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ማመልከቻው ምን ይመስላል?

በምሳሌአችን ያሉት አባት የጻፉት ይህን ነው። ነጥብ ነጥብ የተደረገበት ቦታ ሁሉ የራስዎን የሚሞሉበት ነው።

ቀን፦ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ………… የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
ርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ልጄ ለሕክምና ክትትል በየሳምንቱ ረቡዕ ቀድማ እንድትወጣ ፈቃድ ስለመጠየቅ

በትምህርት ቤቱ በ7ኛ «ለ» ክፍል የምትማረው ልጄ ተማሪ ………… በክረምቱ ወራት የግራ ክርኗ አጥንት ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ ቆይቷል። ጄሶው ከተፈታ በኋላ ክርኗ በሚገባ ሊዘረጋ ባለመቻሉ፣ ከጥቅምት 5 ቀን እስከ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ለስምንት ሳምንታት በየሳምንቱ ረቡዕ ከረፋዱ 5፡30 ሰዓት በ………… ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ሕክምና እንድትከታተል ታዞላታል። የሐኪሙ ማስረጃና የቀጠሮ ካርዱ ኮፒ ከዚህ ማመልከቻ ጋር ተያይዘዋል።

ስለዚህ ልጄ በተጠቀሱት ስምንት ረቡዕዎች አራተኛው ክፍለ ጊዜ እንዳበቃ፣ ማለትም ከ5፡00 ሰዓት ጀምሮ እንድትወጣ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ከትምህርት ቤቱ በር የምረከባት እኔ ራሴ ስሆን፣ በሥራ ምክንያት መምጣት ባልችል እኅቴ ወይዘሮ …………፣ የመታወቂያ ቁጥር …………፣ ትረከባታለች። ከእኛ ከሁለታችን ውጭ ለማንም እንዳትሰጥ እጠይቃለሁ።

በእነዚህ ቀናት የሚያልፋትን የሒሳብ ትምህርት ማስታወሻ በዕለቱ ገልብጣ፣ መልመጃውን በማግስቱ ለመምህሯ እንድታሳይ እኔ እከታተላለሁ። በረቡዕ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ፈተና የሚኖር ከሆነ አስቀድሞ እንዲነገረን፣ ካልሆነም በሌላ ሰዓት እንድትፈተን እንዲደረግልን እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የአባት ሙሉ ስም፣ ፊርማና የስልክ ቁጥር
አባሪ፦ የሐኪም ማስረጃ 1 ገጽ፣ የቀጠሮ ካርድ ኮፒ 1 ገጽ
ግልባጭ፦ ለ7ኛ ክፍል ዩኒት ሊደር፣ ለ7ኛ «ለ» ክፍል ኃላፊ መምህር

ደብዳቤው በአንድ ገጽ ይበቃል። «ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ጤና የሁሉ መሠረት በመሆኑ» ዓይነት መግቢያ የሌለው ሆን ተብሎ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ የሚፈልጉት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማብቂያውንና ተረካቢውን ነውና እነዚህ በዓይን የሚታዩበት ቦታ ላይ ይሁኑ። «እስከ ኅዳር 24 ቀን» የሚለው ማብቂያ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ማብቂያ የሌለው ጥያቄ ለፈራሚው ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ መስሎ ይታያል፤ በቁጥር የታወቁ ስምንት ቀናት ግን የሚከብዱ አይደሉም።

በዚሁ ደብዳቤ ከፊት ወንበር እንድትቀመጥና የቦርሳ ነገር እንዲታሰብላትም ልጠይቅ?

አንድ ማመልከቻ አንድ ጉዳይ ቢይዝ ይመረጣል። ወንበሩን የሚወስኑት የክፍል ኃላፊዋ መምህር ስለሆኑ በቃል ይንገሯቸው።

የልጄን ሕመም ምን ያህል መግለጽ አለብኝ?

ክርን የተሰበረባት ልጅ ነገሩ ከማንም አይሰወርም፤ ስለዚህ በምሳሌው በግልጽ ተጽፏል። ነገር ግን ሁሉም ሕመም እንዲህ አይደለም። የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ጤና ክትትል፣ ወይም ለዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወሰድበት ሕመም ከሆነ፣ ማመልከቻው በመዝገብ ቤት፣ በዩኒት ሊደርና በክፍል ኃላፊ እጅ የሚያልፍ መሆኑን ያስቡ። ግልባጭ የተደረገለት ሁሉ ያነበዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው ሊያየውም ይችላል። ከዚያ በኋላ ወሬው የልጅቷ ክፍል ለመድረስ ሩቅ አይደለም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ በደብዳቤው ላይ «በሐኪም የታዘዘ ተከታታይ ሕክምና» የሚል ሐረግ በቂ ነው። ሐኪሙም የበሽታውን ስም ሳይጠቅሱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የክትትሉን ርዝመት ብቻ የሚገልጽ ማስረጃ እንዲጽፉልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ርዕሰ መምህሩ ዝርዝሩን ማወቅ አለባቸው ብለው ካመኑ ቢሯቸው ገብተው ለብቻቸው ይንገሯቸው፤ በወረቀት ግን አያስፍሩት። ከዚህ የሚለየው ልጅቷ ትምህርት ቤት እያለች ሊነሳባት የሚችል ሕመም ነው። ለምሳሌ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ክፍል ውስጥ ብትወድቅ መምህሯ ምን ማድረግ እንዳለባቸውና ምን ማድረግ እንደሌለባቸው ቀድመው ማወቅ ስላለባቸው፣ ለክፍል ኃላፊዋ በቃል መንገር ከመሰወር ይሻላል። ከዚህ በፊት ግን ልጅቷን ራሷን ማማከር ተገቢ ነው፤ የ7ኛ ክፍል ልጅ ማን ቢያውቅባት እንደምታፍር ታውቃለች።

የሐኪሙ ማስረጃ ምን ሊይዝ ይገባል?

ማኅተም፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የልጅቷ ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትታከም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና የቀጠሮው ሰዓት። «ክትትል ያስፈልጋታል» ብሎ የሚያበቃ ማስረጃ በተግባር ብዙም አይረዳም፤ ክትትሉ በየሳምንቱ ይሁን በየወሩ፣ በጠዋት ይሁን በከሰዓት አያሳይምና። ማስረጃውን ሲቀበሉ ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ ያንብቡት፤ በኋላ ለማስተካከል መመለስ ሌላ ተራ መጠበቅ ነው።

ስሙ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። በቤት የምትጠራበት ስም ሌላ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ያለው ሌላ የሆነ ልጅ በከተማችን ብዙ ነው፤ ሆስፒታል ካርድ ሲወጣ አብራት የሄደችው አክስት የቤቱን ስም ተናግራ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ስሞች ካልተመሳሰሉ ማስረጃው የሌላ ልጅ ይመስላል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከሆነ ዋናውን ነገር በማመልከቻው ውስጥ በአማርኛ ማስፈር ለሚያነበው ሁሉ ያቀላል።

ርዕሰ መምህሩ «ቅዳሜ ወይም ከትምህርት በኋላ ለምን አይሆንም?» ቢሉኝስ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ልጅቷ በጠዋት ፈረቃ ስለምትማር ከሰዓት በኋላ ነጻ ናት፤ ስለዚህ የሕክምና ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ተመላላሽ ታካሚ የሚቀበል ከሆነ መጀመሪያ እሱን መጠየቅ የአባት ድርሻ ነው። ካልተገኘ «ከሰዓት በኋላ ቦታ እንዲሰጠን ጠይቀን አልተገኘም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በማመልከቻው ላይ መጨመር ክርክሩን ያሳጥራል።

«ቤት ውስጥ አሻሽታችሁ አይሻላትም ወይ?» የሚል ሐሳብም ከበጎ ልብ ሊመጣ ይችላል። ክርን ከተሰበረ በኋላ በቀላሉ የሚደርቅ መገጣጠሚያ ነው፤ በየቀኑ የሚሠራው እንቅስቃሴ በእርግጥ በቤት ነው የሚሠራው። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ባለሙያው የምትሄደው ክርኑ ስንት ዲግሪ እንደተዘረጋና እንደታጠፈ እንዲለካና እንቅስቃሴው እንደ ለውጡ እንዲቀየርላት ነው። በወጌሻም ሆነ በቤተሰብ እጅ በኃይል መሳብና ማሸት ግን የክርኑን ዙሪያ ጎድቶ፣ አንዳንዴም አጥንት በማይገባው ቦታ እንዲያድግ አድርጎ ድርቀቱን ሊያባብሰው ይችላል። ይህን ለርዕሰ መምህሩ በሁለት ቃል ማስረዳት ይቻላል፤ በደብዳቤው ውስጥ ግን አያስፈልግም።

ከበሩ ማን መውሰድ እንዳለበት ለምን ይህን ያህል ይጠበቃል? ልጄ ብቻዋን በባጃጅ መሄድ ትችላለች።

ርዕሰ መምህሩ ለመፈረም የሚያመነቱት ብዙ ጊዜ በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ሕክምናውን አይጠራጠሩም፤ የሚያሳስባቸው በ5፡00 ሰዓት ከበር የወጣች ልጅ የት እንደደረሰች ቢጠየቁ የሚሰጡት መልስ ነው። በትምህርት ሰዓት ልጅቷ በእነርሱ ኃላፊነት ሥር ናት። በስምና በመታወቂያ ቁጥር የታወቀ ተረካቢ ካለ ግን ኃላፊነቱ ከበሩ ላይ ወደ ወላጅ ይተላለፋል።

ሁለት ተረካቢዎች በቂ ናቸው፤ አምስት ስም መዘርዘር ጥበቃውን ያደናግራል። በበሩ መዝገብ ካለ ተረካቢው የወጣችበትን ሰዓት ጽፎ ይፈርማል። ከሁለቱ አንዳቸውም የማይችሉበት ቀን ቢመጣ፣ ለዩኒት ሊደሩ በዋዜማው ደውሎ የሚመጣውን ሰው ማሳወቅ ያስፈልጋል። በዕለቱ ጠዋት ልጅቷን «ዛሬ የጎረቤት ልጅ ይወስድሻል ብለሽ ንገሪያቸው» ብሎ መላክ ግን ትክክለኛ ጥበቃ ሊቀበለው የማይገባ ነገር ነው፤ ቢከለክላትም ሊወቀስ አይገባም።

በስም መጥሪያው ላይ ቀሪ ትባላለች? ፈተናስ?

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ በእነዚያ ክፍለ ጊዜዎች መያዝ ያለባት በፈቃድ እንደወጣች እንጂ እንደ ቀሪ አይደለም። ነገር ግን በየክፍለ ጊዜው ስም የሚጠራ መምህር ፈቃዱን ካላወቁ ቀሪ ብለው ይይዟታል። የሒሳብና የስፖርት መምህራኑ ማወቃቸውን በመጀመሪያው ሳምንት በክፍል ኃላፊዋ በኩል ያረጋግጡ፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ የተጠራቀመ ቀሪን ማሰረዝ ከባድ ነው።

ዋናው ስጋት ከትልልቁ ፈተና ይልቅ ተከታታይ ምዘናው ነው። የሴሚስተር ፈተና ቀኑ ቀድሞ ስለሚታወቅ ቀጠሮውን ማዛወር ይቻላል። አጫጭር ፈተናዎችና የክፍል ሥራዎች ግን ሳይነገሩ ሊሰጡ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ነጥብ ቢይዙም በስምንት ሳምንት ሲደማመሩ ውጤት ይቀንሳሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ የሒሳብ መምህሯን «ትናንት የተሰጠ ሥራ አለ?» ብላ እንድትጠይቅ ይንገሯት። ሁለት ሳምንት አልፎ የሚጠየቅ ሥራ መምህሩ አርመው መልሰውት ስለሚሆን እንደገና ለመስጠት ይቸገራሉ።

ሕክምናው በሐረር ቢሆንስ?

እንግዲያው ጥያቄው ይለወጣል። ከድሬዳዋ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ መንገድ ነው፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ መሄድ ይጠይቃል፤ የሕዝብ ማመላለሻውም ብዙ ጊዜ ሞልቶ ነው የሚነሣው። በ5፡30 ሰዓት ሕይወት ፋና ሆስፒታል ለመገኘት በ5፡00 ከትምህርት ቤት መውጣት አይቻልም፤ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት አካባቢ መነሣት ያስፈልጋል። አንድ ክፍለ ጊዜ ተምራ የምትወጣበትን ፈቃድ ከመጠየቅ የቀኑን ፈቃድ በግልጽ መጠየቅ የተሻለ ነው፤ ርዕሰ መምህሩም የሚያውቁት መንገድ ስለሆነ ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገሩም። የምታጣው ግን በስምንት ሳምንት ስምንት ሙሉ የትምህርት ቀናት ስለሆነ፣ ሐኪሙን «ክትትሉ በድል ጮራ ወይም በሌላ በድሬዳዋ ባለ ሆስፒታል ሊቀጥል ይችላል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የሚቻል ከሆነ የማስተላለፊያ ወረቀት ይጻፍልዎታል።

ደብዳቤውን በቴሌግራም ብልክ ይበቃል?

አይበቃም። በሁለት ኮፒ አትመው በእጅ ያስገቡት፤ በአንደኛው ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አድርጎ ይመልስልዎታል። ያ ኮፒ በእርስዎ እጅ ይቀመጥ። የሚያስገቡት ከመጀመሪያው ቀጠሮ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን፣ ርዕሰ መምህሩ ለመምራት፣ ዩኒት ሊደሩም ለመምህራኑና ለጥበቃው ለማሳወቅ ጊዜ ያገኛሉ። በምሳሌአችን መስከረም 28 ገብቶ የመጀመሪያው መውጫ ጥቅምት 5 ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ገብቶ ረቡዕ ጠዋት የሚጠበቅ ፈቃድ ቢዘገይ የማን ጥፋት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ባይፈቅዱስ?

በመጀመሪያ ምክንያታቸውን ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ እምቢታው በአንድ ነጥብ ላይ የቆመ ነው። የተረካቢ ጉዳይ፣ የሰዓቱ አለመግጠም፣ ማስረጃው ላይ የጎደለ ማኅተም ሊሆን ይችላል፤ እሱን አስተካክሎ መመለስ ነገሩን ይቋጫል። ምክንያቱ ሳይገለጽ ከተከለከለ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን ሰብሳቢ አነጋግሩ፤ ከዚያም ካልተፈታ ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ ይዞ ትምህርት ቤቱን ወደሚያስተዳድረው የትምህርት ጽሕፈት ቤት መሄድ ይቻላል። ኮፒው ከሌለ መጠየቅዎን የሚያሳይ ነገር ስለማይኖር ከመጀመሪያው መጀመር ይኖርብዎታል። ልጅቷን ያለ ፈቃድ በየረቡዕ ማስቀረት ግን አይመከርም፤ በሕክምናው ትክክል ሆነው ሳሉ በቀሪ ምክንያት ጥፋተኛ ይሆናሉ።

ሐኪሙ ክትትሉን ቢያራዝሙ ወይም ልጄ ቀድማ ብትድን ምን ላድርግ?

ፈቃዱ የተሰጠው እስከ ኅዳር 24 ቀን ስለሆነ ከዚያ በኋላ ባለው ረቡዕ በራሱ አይቀጥልም። ሐኪሙ አራት ሳምንት ከጨመሩ፣ «በቁጥር ………… መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ባስገባሁት ማመልከቻ የተሰጠኝ ፈቃድ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን እንዲራዘምልኝ» የሚል የሦስት መስመር ደብዳቤ ከአዲሱ ማስረጃ ጋር ማስገባት ይበቃል፤ ታሪኩን እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። ለማራዘም ሲጠየቅ ግን የረቡዕ ሠንጠረዥ ተቀይሮ እንደሆነ፣ የሴሚስተሩ ፈተናም በተጨመሩት ሳምንታት ውስጥ ይወድቅ እንደሆነ መመልከት ያሻል።

ሕክምናው በስድስተኛው ሳምንት ካበቃ ደግሞ ለዩኒት ሊደሩ በዚያው ሳምንት ያሳውቁ። ካልተነገራቸው ጥበቃው በፈቃዱ መሠረት በ5፡00 ሰዓት በሩን መክፈቱን ይቀጥላል፤ የ13 ዓመት ልጅ ደግሞ ይህን እድል ለማየት ጊዜ አይፈጅባትም።